ኤርፎርሱ ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ? ከካርቶኑ ፊደል እስከ ሶሉ ማስቲሽ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጣ። ቤት እንኳን አልገባም። በቀጥታ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ወዳለችው የጫማ መጠገኛዬ ነው የመጣው። አንድ ሱቅ ውስጥ ነጭ የናይኪ ኤርፎርስ ጫማ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። ሻጩ 7,500 ብር ብሎታል። "ኦርጅናል ነው፣ ከውጭ በሻንጣ የገባ" ብሎም አረጋግጦለታል። ልጁ ብሩን ያጠራቀመው ሦስት ወር ሙሉ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እዩልኝ። ደህና ነው ካላችሁኝ እገዛዋለሁ" አለኝ።

ስኒከር መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሶል የለቀቀበት፣ ጎኑ የተተረተረ፣ አፍንጫው የተከፈተ ጫማ በየቀኑ እጄ ላይ ይገባል። ብዙ ጫማ ከውስጥ ስለማይ ሰው "ኦርጅናል ነው?" እያለ ይጠይቀኛል። እኔም መጠገኛውን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ አብሬው ሄድኩ። ያን ቀን ለልጁ ያሳየሁትን ነው አሁን የምጽፈው። የማወራው ስለ አንድ ጫማ ብቻ ነው፤ ስለ ናይኪ ነጭ ኤርፎርስ፣ የወንዶቹ። ወጣቱ በብዛት የሚገዛው እሱን ነው። ኮፒውም በብዛት የሚመጣው የእሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ኮፒ የሚሠራ ሰው ቆዳ አያጣም። ጥሩ ቆዳ፣ ጥሩ ጎማ፣ ጥሩ ክር በገንዘብ ይገዛል። ስለዚህ ጫማውን በእጅ ዳብሶ "ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ኦርጅናል ነው" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይሸወዳል። ኮፒ ሠሪው የሚቸገረው ጽሑፉ ላይ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በዋናው ፋብሪካ የካርቶን ስቲከር አንድ በአንድ ተስሎ አይዘጋጅም። የጫማው ስም፣ ቀለሙ፣ መለያ ኮዱ፣ ቁጥሩ፣ ባርኮዱ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ማተሚያው ያንን እየጠራ በተዘጋጀለት ቦታ ያትመዋል። የ41 ስቲከርና የ45 ስቲከር የሚለያዩት በቁጥሮቹ ብቻ ነው። ፊደሉ ያው ነው፤ ቦታውም ያው ነው።

ኮፒ ሠሪው ግን ያ መዝገብ የለውም። አንድ እውነተኛ ስቲከር ወይም ፎቶውን ያገኛል። እሱን አስመስሎ እንደገና ይሠራዋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንዱን እያጠፋ ሌላውን ይተካል። የስቲከሩ ቋሚ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የተሠራበት አገር፣ አንዴ በደንብ ከተኮረጀ በሁሉም ካርቶን ላይ ደህና ሆኖ ይወጣል። የሚቀያየረው ቦታ ላይ ግን የሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ ዓይናችሁን መጣል ያለባችሁ ከጫማ ጫማ በሚለዋወጠው ነገር ላይ ነው፤ በቁጥሩ፣ በኮዱና በባርኮዱ ላይ።

ሱቁ ደረስን። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኝ። "ጋሼ፣ ወላሂ ኦርጅናል ነው፣ እንደፈለጋችሁ እዩት" አለና ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ክዳኑን አልከፈትኩም። መጀመሪያ ከጎን ያለውን ነጭ ስቲከር ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት። የመብራት ብርሃን ወረቀቱ ላይ ያንጸባርቃል፤ የቀን ብርሃን ይሻላል። ስልኬን አወጣሁና ካሜራውን ከስቲከሩ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጌ ፎቶ አነሳሁ። ሰያፍ ካነሳችሁት ቀጥ ያለው ጽሑፍ ራሱ የተንጋደደ ይመስላል፤ በከንቱ ሰው ትጠረጥራላችሁ። ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፋሁት።

ነጩ የወንዶች ኤርፎርስ መለያ ኮዱ CW2288-111 ነው። ይሄ ኮድ ለማጣሪያ የተመቸ ነው። ሁለት 2 ጎን ለጎን አለው። ሁለት 8 ጎን ለጎን አለው። ሦስት 1 ተደርድሮ አለው። ማሽን ያተመው ከሆነ ሁለቱ 2 አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱ 8ም መንታ ናቸው። በሦስቱ 1 መካከል ያሉት ሁለት ክፍተቶች እኩል ናቸው። ሌላ መለኪያ ሳያስፈልጋችሁ ስቲከሩን በራሱ ትለኩታላችሁ።

ስለ 8 ትንሽ ልቆይ። 8 ቁጥር ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። በጥሩ ማሽን ሲታተም ቀዳዳዎቹ ንጹህ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። የቁጥሩ ጠርዝም በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። በተራ ማተሚያ ሲሆን ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ጠርዙ ጸጉራም ይሆናል። የላይኛው ቀዳዳ ጠበብ ይልና አንዳንዴ ጥቁር ነጥብ ብቻ መስሎ ይቀራል። በባዶ ዓይን አታዩትም። በስልክ ስታሰፉት ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

በልጁ ካርቶን ላይ 8ቱ ደህና ነበሩ። ሦስቱ 1 ግን ልቤን ነካ አደረጉት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ሰፋ ይላል። ትንሽ ነው፤ የፀጉር ያህል። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ሄድኩ። ካርቶኑ ላይ በአሜሪካ ቁጥር 9.5 ተጽፏል። 9ኙ ከጎኑ ካለው 5 ወፈር ይላል። የመሃሏ ነጥብም ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአንድ ስቲከር ላይ አንዱ ጽሑፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሊሆን ይችላል። ያ ጥፋት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቁጥሩ ጎልቶ እንዲታይ ወፍራም ይደረጋል። እኔን ያስጠረጠረኝ በአንድ ቁጥር ውስጥ ያሉት 9 እና 5 እርስ በርስ አለመመሳሰላቸው ነው። አንድ ላይ የታተሙ ሁለት አሃዞች ውፍረታቸው የሚለያይበት ምክንያት የለም።

ሌላም ልጨምር። የስቲከሩ አደራደር ከዓመት ዓመት ይለወጣል። የዛሬ አምስት ዓመት የወጣ ኤርፎርስና የዘንድሮው ስቲከር አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን አንድ ፎቶ ይዛችሁ "ከዚህ ስለተለየ ኮፒ ነው" አትበሉ። የምታመሳክሩት በተቀራራቢ ጊዜ ከተሠራ ጋር ይሁን። እኔ ደንበኞቼ ዘመድ ከውጭ የላከላቸው እውነተኛ ጫማ ሲያመጡ የስቲከሩን ፎቶ አስፈቅጄ አነሳለሁ። አሁን ስልኬ ላይ ደህና ክምችት አለኝ። ከዚያ አንዱን ከፍቼ ከልጁ ካርቶን ጎን አስቀመጥኩት። በእኔ ፎቶ ላይ ሦስቱ 1 እንደ አጥር እንጨት በእኩል ርቀት ቆመዋል።

የኮዱ የመጨረሻ ሦስት አሃዞች ቀለም ነው የሚናገሩት። በ1 የሚጀምር ነጭ የሚበዛበት ነው። በ0 የሚጀምር ጥቁር የሚበዛበት ነው። ሙሉ ጥቁሩ ኤርፎርስ CW2288-001 ነው። አንድ ጊዜ ነጭ ጫማ በ001 ካርቶን ውስጥ ሲሸጥ አይቻለሁ። ያ ጫማውን ኮፒ ነው አያሰኝም፤ ካርቶኑ የሌላ ጫማ መሆኑን ግን ያሳያል። ባዶ ካርቶን ለብቻው የሚሸጥበት ገበያ አለ። በዚህ የተነሳ ካርቶኑ ፍጹም ቢሆንም እንኳን ፍርድ አይሰጥም። ጫማው ውስጥ ያለው ታግ መስማማት አለበት።

ክዳኑን ከፈትኩ። ጫማው ያምራል። የእህቴ ልጅ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያየኛል።

የኤርፎርስ ታግ የሚገኘው ከምላሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ማሰሪያውን ላላ አድርጋችሁ ምላሱን ወደ ውጭ ገልብጡት። ትንሽ ጨርቅ ትታያለች። በላይዋ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአውሮፓ ቁጥርና ሴንቲ ሜትር ተደርድሯል። ከዚያ የተሠራበት አገር፣ የተመረተበት ቀንና መለያ ኮዱ ይከተላሉ።

መጀመሪያ ኮዱን ከካርቶኑ ጋር አመሳከርኩ። CW2288-111። ገጠመ። ይሄ መልካም ነው፤ ግን አያስደስትም። ዛሬ ኮዱን አሳስቶ የሚጽፍ ኮፒ ሠሪ ትንሽ ነው። ባይገጥም ኖሮ ግን ነገሩ ከዚያው ባበቃ ነበር።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ደመርኩ። ይሄን ሒሳብ ያዙት፤ ቀላል ነው፣ ብዙም ሰው አያውቀውም። በናይኪ የወንዶች ጫማ የአሜሪካ ቁጥር ላይ 18 ስትደምሩ ሴንቲ ሜትሩ ይመጣል። 8 ከሆነ 26 ነው። 9 ከሆነ 27። 10 ከሆነ 28። ግማሽ ካለውም ግማሹ አብሮ ይሄዳል። የእንግሊዙ ደግሞ በተለመዱት የወንድ ቁጥሮች ከአሜሪካው አንድ ያንሳል። እኛ አገር "ቁጥሬ 43 ነው" የምንለው የአውሮፓውን ነው። በናይኪ የወንዶች 43 ማለት የአሜሪካ 9.5፣ የእንግሊዝ 8.5፣ ሴንቲ ሜትሩ 27.5 ነው።

በልጁ ጫማ ታግ ላይ የአሜሪካው 9.5 ይላል። የእንግሊዙ 8.5። የአውሮፓው 43። ሴንቲ ሜትሩ ግን 27 ነው። ግማሿ የለችም።

ካርቶኑን መልሼ አየሁ። ካርቶኑ ላይ 27.5 ነው። አንድ ጫማ ለራሱ ሁለት ርዝመት ተናገረ ማለት ነው። ኮፒ ሠሪው የ9ን ታግ ወስዶ ወደ 9.5 ሲለውጥ ሦስቱን ቁጥር አስተካክሎ አራተኛውን ረስቶታል። ለልጁ አሳየሁት። በጣቱ እየቆጠረ ደመረ። ፊቱ ተለወጠ።

አሁንም ጥንቃቄ። ይህ የ18 ሒሳብ ለናይኪ የወንዶች ጫማ ነው። በናይኪ የሴቶች ጫማ የሚደመረው 17 ነው። የልጆች ጫማ ሌላ ነው። አዲዳስ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። በአዲዳስ የእንግሊዙ ከአሜሪካው የሚያንሰው በግማሽ ነው። 9.5 አሜሪካ 9 እንግሊዝ ይሆናል። የአውሮፓ ቁጥሩም 43 ከ1/3 ተብሎ ይጻፋል። ያንን ያላወቀ ሰው ታጉ ላይ ክፍልፋይ ሲያይ "ይሄ ምን ዓይነት ቁጥር ነው፣ ፌክ ነው" ብሎ እውነተኛ ጫማ ይጥላል።

ሦስተኛው የታግ ነገር አሰላለፉ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። ታጉ ራሱ ጠማማ ሊሰፋ ይችላል። ጽሑፉ ደግሞ በታጉ ላይ ጠማማ ሊታተም ይችላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ታጉን የሚሰፋው በስፌት ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ሰው ይደክማል። በእውነተኛ ጫማም ላይ የግራው ታግ ከቀኙ ትንሽ ዘንበል ብሎ ታገኙታላችሁ። በዚህ ብቻ ጫማ አትፍረዱ። ጽሑፉን የሚያትመው ግን ማሽን ነው። ስለዚህ እኔ የማየው ጽሑፉ ከታጉ ጠርዝ ጋር ያለውን ዝምድና ነው።

እንዴት እንደማየው ላሳያችሁ። ከደብተር ላይ አንዲት ወረቀት ቀደድኩ። የወረቀቷን ቀጥ ያለ ጠርዝ ከቁጥሮቹ እግር ስር አስጠጋሁት። 9.5፣ 8.5፣ 43፣ 27፤ አራቱም እግራቸው ወረቀቱ ላይ መቆም አለበት። ሦስቱ ቆመዋል። 43ቱ ግን ትንሽ ወደ ላይ ተንሳፍፏል። ከዚያ ወረቀቷን አቁሜ እያንዳንዱ ቁጥር ከአናቱ ካለው የአገር ስም ስር መሃል ላይ መውደቁን አየሁ። 43ቱ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። በቀኝ እግሩ ጫማ ላይም ይኸው ስህተት በዚያው ቦታ አለ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስህተት መደገሙ የስፌት ድካም እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ፋይሉ ራሱ ነው የተሳሳተው።

ሻጩ እስከዚህ ዝም ብሎ ሲያይ ነበር። "ጋሼ፣ ግን ሶሉን እዩት እስቲ። ማስቲሽ ጠብታ የለበትም። ኮፒ ቢሆን እንዲህ ይለጠፋል?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሶሉ ንጹህ ነበር። ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ማስቲሹን ስለሆነ ይሄን ሰፋ አድርጌ ልናገር። እኔም ሙያዬ እሱ ነው።

የኤርፎርስ ሶል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው። የላይኛው ቆዳ ፎርማ ላይ ከተወጠረ በኋላ ሳህኑ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ግን የቆዳው ግርጌ ይፋቃል፤ ልሙጥ ቆዳ ላይ ማጣበቂያ አይዝም። ዙሪያውን የት ድረስ እንደሚፋቅና የት ድረስ እንደሚቀባ ምልክት ይደረጋል። ሁለቱም ፊት ይቀባል። ይደርቃል። ይሞቃል። ከዚያ ተገጣጥሞ በማሽን ይጨመቃል። በመጨረሻ የሶሉ ግድግዳ ዙሪያውን በክር ይሰፋል። ጫማውን የሚይዘው ማጣበቂያውና ክሩ ተጋግዘው ነው።

ስለዚህ ምልክቱን የምታገኙት የሶሉ ከንፈር ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። ሦስት ቦታ እዩ። አንዱ የአፍንጫው ኩርባ ነው። ሁለተኛው እግር ውስጥ ለውስጥ የሚታጠፍበት ጎን ነው። ሦስተኛው ተረከዙ ነው። ኩርባ ቦታ ላይ ማጣበቂያ መቀባት ይከብዳል፤ ችኩል እጅ የሚጋለጠው እዚያ ነው። ከከንፈሩ በላይ ወጥቶ የደረቀ ወፍራም ቢጫ ማስቲሽ፣ የብሩሽ ፀጉር፣ የጣት አሻራ፣ ከመስመሩ በላይ የተረፈ የመፋቂያ ጭረት፤ እነዚህ ጥርጣሬ ያመጣሉ። አፍንጫውን በአውራ ጣት ጫን ስትሉ ክፍተት ከታየም እንዲሁ። ካርቶኑ ሲከፈት የቤንዚን ዓይነት ሽታ አናት የሚመታ ከሆነም ርካሽ ማጣበቂያ ነው።

ግን ይሄ ሁሉ ጥርጣሬ ብቻ ነው። ከዋናው ፋብሪካም በብዛት ሲመረት ቀጭን የማስቲሽ ፊልም ከከንፈሩ በላይ ይወጣል። አንዳንዱ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ አለበት። ነጭ ጫማ ላይ ደግሞ ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ከሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ ፀሐይ የመታው ጫማ ማጣበቂያው ቶሎ ይገረጣል። በጫማው መፍረድ ተገቢ አይደለም፤ ጥፋቱ የሰቀለው ሰው ነው።

በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ሰው በድያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሐይቅ ልጅ ሶሉ የተከፈተ ኤርፎርስ አመጣልኝ። ከሰልቫጅ የገዛው ነው። ዙሪያውን ወፍራም ቢጫ ማስቲሽ ፈሶበታል። ጎኑ ሁሉ ተዝረክርኳል። ገና ሳየው "ወንድሜ፣ ይሄ ኮፒ ነው፣ ገንዘብህን አታባክንበት" አልኩት። ልጁ አዝኖ "ብቻ ለጥፉልኝ" አለኝ። የጎኑን ክር ቆርጬ ሶሉን ነቀልኩት። ተረከዙ ውስጥ የአየር ከረጢቱ ቁጭ ብሏል፤ ቢጫ ስፖንጅ ውስጥ ተቀብሮ። በስሙ ውስጥ ያለው "ኤር" እሱ ነው። ተራ ኮፒ ላይ በዚያ ቦታ የማገኘው ደረቅ ስፖንጅ ወይም እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ጎማ ነው። ደንግጬ ታጉን አየሁት። ሒሳቡ ይገጥማል። ፊደሉ ንጹህ ነው። ማስቲሹን ያፈሰሰው ፋብሪካው ሳይሆን ከእኔ በፊት የጠገነው ሰው ነው። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስቲሽ አይቼ ቀድሜ ተናግሬ አላውቅም።

አንዳንድ ሱቆች የብር መፈተሻ ሰማያዊ መብራት አላቸው። ጨለም ያለ ቦታ ላይ ሶሉ ዙሪያ ብታበሩት በዓይን የማይታይ ማጣበቂያ ያበራል። ጥሩ ነገር ነው። የት ድረስ እንደተቀባ በግልጽ ያሳያል። ሆኖም የእውነተኛውም ማጣበቂያ ሊያበራ ይችላል። ማብራቱን ሳይሆን መስመሩን እዩ። ከግራና ከቀኝ ጫማ ላይ እኩል ከፍታ ይዞ ከዞረ በሥርዓት የተቀባ ነው። እዚህ ጋ ወጥቶ እዚያ ጋ ከወረደ በእጅ ግምት የተቀባ ነው።

እንግዲህ ከካርቶኑ ጽሑፍ፣ ከታጉና ከማስቲሹ ደካማው ምልክት ማስቲሹ ነው። ዝርክርክ ማስቲሽ ያለው ጫማ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ንጹህ ማስቲሽ ያለውም ኮፒ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ልጁ ጫማ ማለት ነው። ለሻጩ ይሄንኑ ነገርኩት።

ማስቲሹን ያን ያህል ባላምነውም ስፌቱን ግን አምነዋለሁ። የሶሉ ግድግዳ ላይ የሚታየው ክር ግድግዳውንና ቆዳውን በስቶ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የውስጥ ሶሉን ከፍ አድርጋችሁ ዳርና ዳሩን ብታዩ ክሩ ከውስጥ በኩል ይታያል። የልጁን ጫማ የውስጥ ሶል በቀስታ አነሳሁ። ከውጭ ያማረ ስፌት አለ። ከውስጥ ምንም ክር የለም። ስፌቱ ጎማው ላይ ብቻ የቀረ የይምሰል ስፌት ነው። ጫማውን የያዘው ማስቲሹ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሻጩ አሁንም ማመን ከብዶታል። ክፉ ሰው አልነበረም። እሱንም ያታለለው ያመጣለት ነጋዴ ሊሆን ይችላል። "ጋሼ፣ እኔም ኦርጅናል ተብዬ ነው የገዛሁት" አለኝ። ሲናገር ድምፁ ወርዷል።

"አብሽር። እኔ የምልህን ተወው። ከዚሁ ጫማ የ42ቱን ካርቶን አምጣልኝ" አልኩት።

አመጣ። ሁለቱን ካርቶኖች ስቲከራቸው ጎን ለጎን እንዲሆን አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ባርኮድ ስር ያለውን ቁጥር እንዲያነበው ጠየቅኩት። ባርኮድ የሚሰጠው ለጫማው ስም ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቀለምና ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱ አለው። የነጩ 42 እና የነጩ 43 ባርኮድ ሊመሳሰል አይችልም። ቢመሳሰልማ ሱቁ የትኛው ቁጥር እንደተሸጠ በምን ያውቃል?

ከ43ቱ ላይ አሃዞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ። የእህቴ ልጅ ከ42ቱ ላይ በጣቱ እየተከተለው ነበር። አሥራ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሻጩ እንደገና አነበበ። አሁንም አንድ ናቸው። ከመደርደሪያው ላይ 41ን ራሱ አወረደና አየው። እሱም ያው ነው።

ሦስቱን ካርቶኖች ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ "ወንድሜ፣ ይቅርታ። ከፈለግከው በኮፒነቱ 2,800 እሰጥሃለሁ" አለው።

ልጁ እኔን አየኝ። "ዋጋው የኮፒ ከሆነ ምርጫው ያንተ ነው" አልኩት። ጫማውን አደረገው። ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራመደ። አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ክፍተት መኖሩን ፈተሸ። ከዚያ ከኪሱ 2,800 ቆጥሮ ሰጠው።

ወደ መጠገኛዬ ይዘነው ተመለስን። ወስፌውን አውጥቼ በዚያው በይምሰሉ ስፌት መስመር ላይ እየበሳሁ ሰም በተቀባ ክር ዙሪያውን ሰፋሁለት። አሁን ክሩ ከውስጥ በኩል ይታያል።